ድፍድፉ ውስጥ የቀረው፤ በብዙ ጠጪዎች ላይ ስለሚደርስ የታያሚን እጥረት
በአንገር ጉቲን የተነበበ ዲስኩር



አረቄ ሲወጣ ያላየ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ድፍድፉ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣው አልኮልና ውኃ ነው። በእህሉና በብቅሉ ውስጥ የነበረው ቫይታሚን ግን አይተንም። ድፍድፉ ውስጥ ይቀራል፤ በኋላም አተላ ሆኖ ለከብት ይሰጣል። እንግዲህ ከብቱ ያገኘውን ጠጪው አላገኘም ማለት ነው። ጠላ፣ እናንተ ፋርሶ የምትሉት፣ ባለመነጠሩ ከእህሉ ጥቂት ነገር ይዞ ይመጣል። ያም ቢሆን ምግብ ትቶ በመጠጥ የሚውልን ሰው አያድንም።

የዛሬው ንግግሬ ድፍድፉ ውስጥ ከሚቀሩት ስለ አንዱ ነው፤ ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ-1 ይባላል። አካላችን የሚበላውን ስኳርና እህል ወደ ጉልበት የሚቀይረው በእሱ እርዳታ ነው። አእምሮ ደግሞ ከሌላው አካል ይልቅ በስኳር የሚኖር ስለሆነ፣ ታያሚን ሲጠፋ አስቀድሞ ይጎዳል። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው ከ1 ሚሊግራም ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ነው። አካል ግን ብዙ አያጠራቅምም፤ ያለው ክምችት 30 ሚሊግራም ያህል ስለሆነ ምግብ ከተቋረጠ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል።

ይህ የአንገር ሸለቆ የታያሚን ድሃ አይደለም። በቆሎውም፣ ሰሊጡም፣ ኦቾሎኒውም፣ አኩሪ አተሩም ይዘውታል። ጠጪው የሚጎዳው ገበያው ስላጣው አይደለም። በመጀመሪያ ምግብ ይተዋል፤ መጠጡ ራሱ ሆድ የሞላ ያስመስለዋል። ቀጥሎ የሚበላውን ጥቂት ነገር ያስመልሰዋል። ሦስተኛው ዓይን የማያየው ነው፤ አልኮል አንጀት ታያሚንን እንዳይቀበል ያደርጋል፣ ጉበትም የገባውን እንዳያስቀምጥ ያዳክመዋል። ስለዚህ በብዛት ለሚጠጣ ሰው ከበሽታው በኋላ ክኒን መስጠት ብቻውን አይበቃም።

አሁን አንድ ታማሚ በምናባችሁ ተመልከቱ፤ በምሳሌ የማቀርበው ነው። ዕድሜው 50 የደረሰ ገበሬ፣ ከወሎ ተነቅሎ በሰፈራ እዚህ የመጣ። ላለፉት ዓመታት ጠዋት የሚጀምረው በመለኪያ አረቄ ነው። ሁለት ሳምንት ምግብ አልቀመሰም፤ ሲሞክርም ያስመልሰዋል። አንድ ቀን ሚስቱ ስታናግረው ቀኑን አያውቅም፤ ቤቱን እንደ እንግዳ ቤት ይመለከታል። ሲነሳ እግሩን አራርቆ፣ ግድግዳ ተደግፎ ይራመዳል። ወደ ጎን ተመልከት ሲባል የዓይኑ ብሌን ይርገበገባል፤ አንድ ነገርም ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ጎረቤት «ሰክሯል» ይላል። ሚስቱ ግን ከትናንት ጀምሮ ምንም እንዳልጠጣ ታውቃለች፤ የሚስት ምስክርነት እዚህ ላይ ከየትኛውም ምርመራ ይበልጣል።

ጤና ጣቢያ ደረሰ እንበል። በአንገር ሸለቆ ግራ የተጋባ ሰው ሲመጣ ባለሙያው በመጀመሪያ የሚያስበው ወባ ነው፤ ማሰቡም ትክክል ነው፣ ደም መመርመር አለበት። ስህተቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የወባው ውጤት ነፃ ሲሆን ሰውየው «ሰካራም» ተብሎ ይተዋል፤ አለዚያም አቅም እንዲያገኝ ተብሎ የግሉኮስ ከረጢት ይሰቀልለታል። ታያሚን በሌለው ደም ውስጥ ብዙ ስኳር ሲገባ፣ የቀረችውን ጥቂት ታያሚን ስኳሩ አሟጦ ይጨርሳታል። በዚህ ምክንያት ግራ መጋባቱ በሰዓታት ውስጥ ሊብስ ይችላል። መፍትሔው ግሉኮሱን መከልከል አይደለም። የደም ስኳር በጣም ከወረደ መጠበቅ ራሱ አእምሮን ይጎዳል። መፍትሔው ታያሚኑን አስቀድሞ ወይም ከግሉኮሱ ጋር አብሮ መስጠት ነው።

ይህን ሕመም ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒኬ እ.ኤ.አ. በ1881 ጻፈው። ከሦስቱ ታማሚዎቹ ሁለቱ ብዙ የሚጠጡ ወንዶች ነበሩ። ሦስተኛዋ ግን ጠጪ አልነበረችም፤ አሲድ ውጣ ምግብ ለረጅም ጊዜ ማሳለፍ ያልቻለች ወጣት ሴት ነበረች። በእርግዝና ብርቱ ማስመለስ የሚደርስባትን ሴትም ይህ ሕመም ሊይዛት እንደሚችል አዋላጆች ይወቁልኝ። ቬርኒኬ ያያቸው ሦስት ምልክቶች የዓይን ችግር፣ የአካሄድ መናጋትና ግራ መጋባት ናቸው። ሦስቱን አንድ ላይ የሚያሳይ ታማሚ ግን ጥቂት ነው። ሦስቱ እስኪሟሉ የሚጠብቅ ባለሙያ አብዛኞቹን ያጣቸዋል። ብዙ የሚጠጣ፣ ምግብ ያቆመና ግራ የተጋባ ሰው ካያችሁ፣ ያ በቂ ጥርጣሬ ነው።

ሕክምናው ከሕመሙ ይልቅ ቀላል ነው። ለተጠረጠረ ሰው በብዙ አገሮች የሚሰጠው 500 ሚሊግራም ታያሚን በደም ሥር፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ መጠኑ እየቀነሰ ይቀጥላል። ማግኒዥየም ካነሰ ታያሚኑ ሥራውን አይሠራም፤ ስለዚህ እሱም ይታሰባል። የሚገርመው የዓይኑ ነገር ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይስተካከላል፤ አካሄዱ ሳምንታት ይፈልጋል። የማስታወስ ችሎታ ግን ሁልጊዜ አይመለስም።

ሕክምናው ከዘገየ የሚመጣውን እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ ሩሲያዊው ሐኪም ሰርጌይ ኮርሳኮፍ ገለጸው። በአእምሮ ግርጌ አተር የሚያካክሉ ሁለት ትንንሽ አካላት አሉ፤ እነሱና በአቅራቢያቸው ያሉት የአእምሮ ክፍሎች አዲስ ነገርን በማኖር ሥራ ውስጥ ናቸው። ሲጎዱ ሰውየው አዲስ ነገር አይይዝም። ያ ገበሬ ከወሎ የተጓዘበትን መንገድ፣ መጀመሪያ ያረሰውን መሬት ሁሉ ይነግራችኋል። ቁርስ መብላቱን ግን አያውቅም። ከእናንተ ጋር ተጨባብጦ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሳችሁ ብትገቡ፣ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላችኋል። «ትናንት የት ነበርክ?» ስትሉት «ነቀምቴ ገበያ ሄጄ በሬ ሸጬ መጣሁ» ሊላችሁ ይችላል፤ ከአልጋው ግን አልወረደም። ይህ ውሸት አይደለም። አእምሮው ክፍተቱን ካለው አሮጌ ትዝታ እየሞላው ነው፤ እሱ ራሱም ያምነዋል። ቤተሰብ ይህን ባለማወቅ አባቱን «አታላይ» እያለ ሲቆጣ ማየት ያሳዝናል። ወደዚህ ደረጃ ከደረሱት ከአራቱ አንዱ ያህል መጠጥ ቢያቆምም ብዙ ለውጥ አያሳይም። ሌሎቹ በወራትና በዓመታት ውስጥ በተለያየ መጠን ይሻሻላሉ።

እንግዲህ ለቤተሰብ የምለው ይህ ነው፦ የሚጠጣ ሰው ምግብ ካቆመና አነጋገሩ ከተለወጠ «እስኪበርድለት» ብላችሁ አታስተኙት። በዚያው ቀን፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳልበላና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠጣ ለባለሙያው ንገሩ። መጠጡንም በድንገት አስቁማችሁ ቤት አትያዙት፤ በድንገት ማቆም ራሱ የሚያንቀጠቅጥና የሚጥል፣ ለሞትም የሚያበቃ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

ለእናንተ ለጤና ባለሙያዎች ደግሞ ልመናዬ አንድ ነው፦ ታማሚውን ወደ ነቀምቴ ሪፈር ስትጽፉለት፣ መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያውን የታያሚን መርፌ ስጡት፤ የሰጣችሁበትንም ሰዓት በሪፈሩ ወረቀት ላይ ጻፉ።