የግቢያችንን በር ቀለም ስለ መለወጥ
(በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጠፈ።)



ዛሬ የተሰበሰብንበት ጉዳይ የቤት ቁጥር 7 ነዋሪ የሆነችው እኅታችን ለ12ታችንም ቤት የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው አጭር ስለሆነ ላንብብላችሁ። «ጥቁሩ የግቢ በራችን ወደ ፈካ ግራጫ ይለወጥ። ማታ መብራት ሲጠፋ ትንሿ በር የት እንዳለች፣ ቁልፉም የት እንደሚገባ አይታይም። እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ላሜራውን በእጃቸው እየዳበሱ ነው የሚገቡት። ባለፈው ወር ከበሩ ሥር ያለው ብረት አደናቅፏቸው ወድቀዋል።» ይላል።

ደብዳቤው ከተሰራጨ ወዲህ ብዙ ተብሏል። «ጥቁር ቆሻሻ ይችላል፣ ለምን ይነካል?» ያሉ አሉ። «ግራጫ የመሥሪያ ቤት በር ያስመስላል» ያሉም አሉ። ሁሉም የመሰለውን መናገሩ መልካም ነው። ኮሚቴው ግን በሐሳብ ብቻ ከምንከራከር ብሎ፣ ቀለም ቀቢ ይዞ በሩን ከላይ እስከ ታች ተመልክቷል። የታየውን በተራ አቀርባለሁ።

መጀመሪያ የማየቱን ነገር እንያዝ። ማምሻ ላይ በሩ ፊት ቆመን አይተነዋል። ችግሩ የጥቁርነት ብቻ አይደለም። በሩ፣ የትንሿ በር ጠርዝ፣ እጀታውና ከሥር ያለው መረማመጃ ብረት ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ነው የተቀቡት። ዓይኑ የደከመ ሰው አንዱን ከሌላው የሚለየው በቀለም ልዩነት ነው። እንግዲህ ሁሉንም ግራጫ ብናደርገው ያው ነው፤ እማማ እንደገና ይደናቀፋሉ። ስለዚህ ኮሚቴው የእኅታችንን ሐሳብ ተቀብሎ ትንሽ ጨምሮበታል። ላሜራው ፈካ ያለ ግራጫ ይሁን፤ የትንሿ በር ዙሪያዋና እጀታዋ ጥቁር ይሁን፤ መረማመጃው ብረት ደግሞ ነጭ ይቀባ። ግራጫው ጭቃ ያሳያል ለሚሉትም፣ ከታች 40 ሳንቲሜትር ያህሉ እንደ ቤት ግድግዳ ዞኮሎ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የክረምቱ ጭቃ የሚፈናጠረው እስከዚያ ድረስ ነውና።

በሩ ወደ ምዕራብ የሚያይ መሆኑንም አትርሱ። ከሰዓት በኋላ ጥቁሩ ላሜራ እጅ ያቃጥላል፣ ልጆቹ ያውቁታል። ፈካ ያለ ቀለም ሙቀቱን ይቀንሰዋል።

ሁለተኛው የዝገቱ ነገር ነው። አፈሩ ከበሩ ሥር ተከምሮ ውኃ ስለሚይዝ፣ ከታች አንድ ስንዝር ያህል ቀለሙ አብጧል። እንዲህ ያበጠ ቀለም ከሥሩ ዝገት አለው ማለት ነው። በዚያ ላይ የትኛውም ቀለም ቢቀባ በዓመቱ ይላቀቃል። ቀለም ቀቢው በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አደረገው። የማይበገረው ላሜራ ገና ደኅና ነው፤ ፍቆ መቀባት ይበቃዋል። በግራ በኩል ካለው ማጠፊያ ሥር ግን ካቻቢቴው ገባ። እዚያ ላይ ላሜራው ተበልቷል፤ ተቆርጦ አዲስ ቁራጭ መበየድ አለበት። ብየዳው ከቀለሙ መቅደም አለበት፣ ምክንያቱም እሳቱ በዙሪያው ያለውን ቀለም ያቃጥለዋል። አፈሩም ተዝቆ ውኃው ወደ ቦዩ ካልሄደ ድካማችን ከንቱ ነው።

ከፍቂያው በኋላ መጀመሪያ አንድ እጅ አንቲሩጂን ይቀባል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የተለመደው ቀይ ቡኒው አንቲሩጂን ከግራጫ ቀለም ሥር እየታየ ሦስተኛ እጅ ሊያስጨምር ይችላል። ግራጫውን አንቲሩጂን ብንገዛ ሁለት እጅ ቀለም ይበቃናል።

ሦስተኛው፣ ብዙዎቻችን ያላሰብነው ነገር ነው። ከጥቁሩ ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ቀይ ቀለም አለ። በግቢያችን የምትኖረው የጤና ባለሙያ እንዳስረዳችን፣ በድሮ የዘይት ቀለሞች፣ ይልቁንም በቀይና በቢጫው፣ ሊድ የሚባለው የእርሳስ ማዕድን ይገባ ነበር። ይህ ነገር የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። በሩ ላይ ተቀብቶ እስካለ ድረስ እምብዛም አያሰጋም። በደረቁ ሲፋቅ ግን አቧራ ሆኖ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ልጅ እጁን በዚያ ነክቶ ወደ አፉ ያደርሳል። የእኛ ቀለም ሊድ ይኑረው አይኑረው በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ እንዳለው ቆጥረን እንጠንቀቅ።

ጥንቃቄው ይህ ነው። ከበሩ ሥር ላስቲክ ይነጠፋል። የብርጭቆ ወረቀቱ ውኃ እየተነከረ ይፈቃል እንጂ በደረቁ አይፈቅም፤ በእሳትም አይላጥም። የሚበየደው ቦታ ላይ ያለው ቀለም ብየዳው ሳይጀመር በዚሁ መንገድ ይነሣል። ፍቅፋቂው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይወገዳል እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግም። የዚያን ቀን ሕፃናት ወደ በሩ አይቅረቡ። እርጥብ ብረት ቶሎ ስለሚዝግ፣ የተፈቀው ወዲያው ደርቆ በዚያው ቀን አንቲሩጂን መቀባት አለበት። አዲሱን ቀለም ስንገዛም ጣሳውን እናንብብ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ ቁጥር 429 ቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሊድ የሌለው መሆኑ የተጻፈበትን ጣሳ እንምረጥ።

አሁን ወደ መጠኑ ልምጣ። በሩ 3 ሜትር ተኩል ስፋት፣ 2 ሜትር ከ40 ቁመት አለው። ይህ 8.4 ካሬ ሜትር ነው። በውስጥም በውጭም ሲታሰብ 16.8 ይሆናል፤ ማጠናከሪያ ብረቶቹን ጨምረን 18 እንያዘው። አንድ ሊትር ቀለም አንድ እጅ ሲቀባ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። እንግዲህ ለአንድ እጅ 1.8 ሊትር፣ ለሁለት እጅ 3.6 ሊትር ያስፈልገናል። አንቲሩጂኑም 2 ሊትር ይበቃዋል። ለዞኮሎውና ለጠርዙ አንድ ሊትር ጥቁር፣ ለመረማመጃው ትንሽ ጣሳ ነጭ ይጨመራል። ጋሎን ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 4 ሊትር ስላልሆነ፣ ገዢው ጣሳው ላይ ያለውን ሊትር አንብቦ ይግዛ።

ሥራው ክረምቱ ወጥቶ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። እርጥበት ከሥሩ ይዞ የተቀባ ቀለም ያብጣልና። በቀኑም ውስጥ ጤዛው ከደረቀ በኋላ እስከ እኩለ ቀን ይቀባል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላሜራውን ስለምታግለው ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል፣ ይሸበሸባል።

እንግዲህ ለውሳኔ የሚቀርቡት ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የብየዳውና የፍቂያው ሥራ። ይህ ቀለሙ ቢለወጥም ባይለወጥም የማይቀር ነው፤ ጥቁር ይቅር የምትሉም ከዚህ ወጪ አትድኑም። ሁለተኛ፣ ግራጫው ከጥቁር ጠርዝና ከነጭ መረማመጃ ጋር ይሁን ወይስ አይሁን የሚለው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ቤት አንድ ድምፅ ይሰጣል። ግራጫው ካለፈ፣ በሩ ወደ መንገድ የሚታይ ስለሆነ፣ ከመግዛታችን በፊት ወረዳውን እንጠይቃለን። ዋጋውን ሁለት የኮሚቴ አባላት ከሦስት ሱቅ አጣርተው በዚሁ ሰሌዳ ይለጥፋሉ፤ ከዚያ ለ12 ይካፈላል።

መረማመጃውን ነጭ ለመቀባት ግን መስቀልን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም። የቤት ቁጥር 3 ወንድማችን ከቤቱ የተረፈ ነጭ ቀለም እሰጣለሁ ብሏል። ተቃዋሚ ከሌለ ዝናብ የሌለበት ቀን አይተን በዚህ ሳምንት ይቀባል። በኋላ ከዋናው ሥራ ጋር ተፍቆ እንደገና ይቀባል፤ እስከዚያው እማማ የሚረግጡትን ይዩ።



የማኅበሩ ጸሐፊ