የጊሎ ወንዝና የመጀመሪያው አልበም፦ ለጀማሪ ባንድ አቅጣጫ ስለ መምረጥ



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ እንዲሆነኝ አንድ ባንድ በምሳሌነት ወስጃለሁ። አምስት የጎግ ወረዳ ወጣቶች ናቸው እንበል፤ ስምንት ዜማ የሚይዝ የመጀመሪያ አልበም ሊያዘጋጁ ተነሥተዋል። አልበማቸው ስለ ምን ይሁን?

የተለመደው መልስ «ስለ ፍቅር፣ ስለ ሰላምና ስለ ባህላችን» የሚል ነው። ይህ የርእሶች ዝርዝር እንጂ አቅጣጫ አይደለም፤ ማንኛውም ዘፈን ሊገባበት ይችላልና። በእኔ እምነት እውነተኛ አቅጣጫ የሚታወቀው የትኛውን ጥሩ ዘፈን መተው እንዳለብን ሲነግረን ነው።

ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጡትን «ጨ በለው» የተባለ አልበም እናስታውስ። ድምፃዊ ገንኖ በሚሰማበት በአዲስ አበባ፣ መሣሪያዎቹ ዜማውን የሚመሩበት ሥራ አቀረቡ። አንድ ነገር ወደ ጎን በመተዋቸው ኦርጋኑና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ የመናገር ዕድል አገኙ። አልበሙን እስከ ዛሬ ለይተን የምናውቀውም በዚሁ ነው።

ወደ ጎግ እንመለስ። ለባንዳችን የማቀርበው ሐሳብ «የጊሎ አንድ ዓመት» የሚል ነው። ጊሎ ከደጋው ወርዶ በፑኝዶ አጠገብ በማለፍ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል። በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ሲጎድል ደግሞ ሰው እርጥበት በያዘው ዳርቻ ላይ ይዘራል። የአልበሙ ቅርጽ ከዚህ ይወለዳል። የመጀመሪያው ዜማ የአኙዋ ሕዝብ በአውራ ጣት በሚጫወተው በቶም ብቻ ይጀምራል፤ በየዜማው አንድ መሣሪያ እየተጨመረ በአምስተኛው ውኃው ይሞላል፤ ከዚያ እየተቀነሰ በስምንተኛው ቶም ብቻውን ይቀራል። ወንዙ ሞልቶ ከወዲያ ማዶ ያለችውን ልጅ ማግኘት ያቃተው ወጣት የሚያንጎራጉረው የፍቅር ዘፈን በዚህ አልበም ቦታ አለው። ስለ ከተማ የምሽት ጭፈራ የተሠራው ግን ምንም ያህል ቢወደድ ለሌላ ጊዜ ይቆያል።

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ የሚፈትነው ቅኝት ነው። የቶም ምላሶች የሚቃኙት በመግፋትና በመሳብ ነው፤ የሚርገበገበው ክፍል ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲረዝም ይወፍራል። ስለዚህ የተጫዋቹ ቅኝት ከኪቦርድ ቅኝት ጋር ላይገጥም ይችላል። አለመግጠሙን በጆሮ ማወቅ ይቻላል። አንድ ዓይነት ሊሆኑ የሚገባቸው ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ ማዕበል እንዳለበት ውኃ ከፍ ዝቅ ይላሉ። የአንዱ ንዝረት በሰከንድ 440፣ የሌላው 444 ቢሆን፣ ይህ ከፍ ዝቅ ማለት በሰከንድ 4 ጊዜ ይደጋገማል። ቶሙ በጠቅላላው በእኩል መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ኪቦርዱን በሙሉ በዚያው መጠን ማስተካከል ይበቃል። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ከተለየ ግን ይህ አይጠቅምም። ብዙ ጊዜ በዚህ ጊዜ የሚታረመው ቶሙ ነው፤ እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ኪቦርዱ ይቅር፤ የክራሩ ክሮች ወደ ቶሙ ይቃኙ። ቶሙ ከተለወጠ አልበሙ የተነሣበት ድምፅ ይጠፋል።

ሁለተኛው ፈተና ከቅኝት ይከብዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ፑኝዶ ከደቡብ ሱዳን የመጡ፣ ብዙ ያለ ወላጅ የተሰደዱ ልጆች የሚገኙባቸው፣ ስደተኞች የተጠለሉበት ስፍራ ነበር። በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ እነዚህ ስደተኞች ከመጠለያው ሸሹ። ጊሎን ሲሻገሩ ብዙዎቹ በሙላቱ፣ በአዞና በጥይት አለቁ። ስለ ጊሎ የሚዘፍን አልበም ይህን ትቶ ስለ ወንዙ ውበት ብቻ ቢናገር ሐሰት ይሆናል። ከወጣቶቹ አንዱ ተነሥቶ «እኔ ተሻገርኩ» እያለ ቢዘፍን ደግሞ ያልደረሰበትን ሐዘን መውሰዱ ነው።

መውጫውን ቀደም ሲል ያቆምነው ቅርጽ ራሱ ያሳየናል ብዬ አስባለሁ። ውኃው የሚሞላበት አምስተኛው ዜማ ያለ ግጥም ይሁን። አምስቱም ተጫዋቾች ይገኙበት፤ የሚዘፍን ግን አይኑር። የቀሩት ሰባት ዜማዎች ቃል ስላላቸው፣ አድማጩ እዚህ ላይ ቃል መጥፋቱን ያስተውላል። ከተሻገሩት መካከል ታሪኩን በራሱ አንደበት ለመናገር የሚፈቅድ ሰው ቢገኝ፣ ስፍራው የእርሱ ይሆናል።

እንግዲህ በልምምድ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጽፋችሁ ለጥፉ፦ «ይህ ዜማ የሚሰማው ከወንዙ የትኛው ወቅት ላይ ነው?» መልስ ያጣው ዜማ ለሁለተኛው አልበም ይቀመጥ።