አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ አገልግሎታችንን በሦስት ዋጋ ስለ ማቅረብ

(ለአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ዋጋ አወጣጥ ነው። ስለ ዋጋ በጠቅላላው ከማወራ፣ ብዙዎቻችን የምናውቀውን አንድ ሥራ ይዤ በእሱ ላይ ብቻ ብቆይ ይሻላል ብያለሁ። ሥራው ቡና ማፍላት ነው። ለምርቃት፣ ለልደት፣ ለክርስትና፣ ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ ረከቦትና ጀበና ይዘን ሄደን የምንሠራውን ማለቴ ነው። ምግብ የምታዘጋጁም ሆነ ፀጉር የምትሠሩ እህቶች ስሌቱን ወደ ራሳችሁ ሥራ መልሳችሁ ተመልከቱት።

ደንበኛ ስልክ ደውላ “ለሃምሳ ሰው ቡና ስንት ታስከፍላላችሁ?” ስትል፣ የተለመደው መልሳችን “እንደ ፍላጎትዎ ነው” የሚል ነው። ትሕትና ይመስላል፤ ደንበኛዋን ግን አይረዳትም። ፍላጎቷን በምን ትለካው? ዳቦ ይኑር አይኑር፣ ቡናው እዚያው ይቆላ ወይስ ተቆልቶ ይምጣ፣ ስንት ሰዓት እንቆያለን፣ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ካልጠየቀች አታውቅም። ስለዚህ የምትይዘው ነገር ዋጋው ብቻ ይሆናል። “ቀንሱልኝ” ትላለች። እኛም እንቀንሳለን፤ የምንቀንሰው ደግሞ ከስኳሩ ወይም ከታክሲው ሳይሆን ከራሳችን ጉልበት ነው።

አንድ ዋጋ ብቻ ብንናገርስ? ያኔ ደንበኛዋ የምትመልሰው ጥያቄ “ልውሰድ ወይስ ልተው” የሚል ይሆናል። ሦስት ዋጋ ጎን ለጎን ስናስቀምጥላት ግን ጥያቄው “የትኛው ይሻለኛል” ወደሚል ይለወጣል። የምታነጻጽረውም ከጎረቤት ዋጋ ጋር ብቻ ሳይሆን እኛው ካስቀመጥናቸው ጋር ነው።

ሦስት ሲሆን ብዙ ሰው ወደ መካከለኛው ያዘነብላል። ይህ በጥናት የታየ ነው። በ1992 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኢታማር ሲሞንሰንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ካሜራ አስመርጠው ነበር። 170 ዶላር ገደማና 240 ዶላር ገደማ የሆኑ ሁለት ካሜራዎች ሲቀርቡ መራጩ እኩል ለሁለት ተከፈለ። 470 ዶላር ገደማ የሆነ ሦስተኛ ካሜራ ሲጨመር ግን 57 ከመቶው የ240ውን መረጠ፤ ርካሹን የመረጠው ወደ 22 ከመቶ ወረደ። የ240ው ካሜራ አልተሻሻለም፣ ዋጋውም አልተነካም። መካከለኛ ሆኖ መገኘቱ ብቻ ለመራጩ ምክንያት ሰጠው። ዝቅ ያለውን ብወስድ እንግዶቼ ፊት አነሰ ይባልብኛል፣ ከፍ ያለውን ብወስድ አባከነች እባላለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው መካከለኛው ላይ ያርፋል። ድግስ የደገሰች ሴት ደግሞ ይህ ስጋት ከካሜራ ገዢ ይልቅ ይብስባታል።

እንግዲህ ፓኬጆቹን እንሥራ። ስም ለማውጣት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ቡናችን ራሱ ሦስት ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። “ርካሽ”፣ “መካከለኛ”፣ “ውድ” ብለን ከጻፍን ዝቅተኛውን የምትመርጠውን ሴት እናሳፍራታለን። አቦል መረጥሁ ማለት ግን ማንንም አያሳፍርም።

ለምሳሌ ለሃምሳ እንግዳ እናስላ። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለስሌት የያዝኋቸው ናቸው፤ እናንተ የሰሞኑን የገበያ ዋጋ አስገቡበት።

አቦል፦ አንድ ዙር ቡና፣ ተቆልቶ የመጣ፣ ፈንዲሻ፣ ሁለት ሴቶች ለአንድ ሰዓት ተኩል። 3,600 ብር፤ ለአንድ እንግዳ 72 ብር።

ቶና፦ ሁለት ዙር ቡና፣ እንግዶቹ ፊት የተቆላ፣ ፈንዲሻ፣ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ ቄጠማና እጣን፣ ሁለት ሴቶች ለሦስት ሰዓት። 6,200 ብር፤ ለአንድ እንግዳ 124 ብር።

በረካ፦ ሦስት ዙር ቡና፣ እንግዶቹ ፊት የተቆላ፣ ፈንዲሻ፣ ሦስት ድፎ ዳቦ፣ ቄጠማና እጣን፣ ቆሎና ሻይ፣ ሦስት ሴቶች በሀበሻ ቀሚስ ለአምስት ሰዓት። 9,800 ብር፤ ለአንድ እንግዳ 196 ብር።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ሦስቱም የተጻፉት በአንድ ቅደም ተከተል ነው፦ ዙር፣ አቆላል፣ የሚቀርበው ነገር፣ የሰው ብዛት፣ ሰዓት፣ ዋጋ። ደንበኛዋ ዓይኗን ከላይ ወደ ታች ብታወርድ ልዩነቱ ይታያታል። ሁለተኛ፣ በታችኛው ያለው ሁሉ በላይኛው ውስጥ አለ፣ ወይም በተሻለው ተተክቷል። በአቦል ፈንዲሻ አድርገን በቶና ፈንዲሻውን አውጥተን ዳቦ ብናስገባ፣ ደንበኛዋ ፈንዲሻን ከዳቦ ጋር መመዘን ይጠበቅባታል፤ ያኔ ግራ ተጋብታ “አስቤ እደውላለሁ” ትላለች። ሦስተኛ፣ ከአቦል ወደ ቶና ያለው እርምጃ ለአንድ እንግዳ 52 ብር ሲሆን ከቶና ወደ በረካ ያለው 72 ብር ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ከሁለተኛው ማጠር አለበት። መካከለኛው ወደ ላይኛው ከተጠጋ ደንበኛዋ እንደ ውድ ታየዋለች።

አሁን ከውስጥ እንየው። አቦል ሲሠራ ለቡናው 400፣ ለስኳር 150፣ ለፈንዲሻ 150፣ ለከሰል 100፣ ለመጓጓዣ 600፣ ለሁለቱ ሴቶች ጉልበት 1,000 ብር ይወጣል። ድምሩ 2,400 ነው፤ ለቡድኑ 1,200 ይተርፋል። ቶና ላይ የጉልበት 600፣ የዳቦ 900፣ ለተጨማሪ ስኳርና ከሰል፣ ለቄጠማና ለእጣን ደግሞ 400 ይጨመራል። ወጪው 4,300 ይሆናል፤ የሚተርፈው 1,900 ነው። በረካ 7,300 ያስወጣል፤ 2,500 ይተርፈዋል።

ቶና ለደንበኛዋም ለእኛም የሚበጀው ለምንድን ነው? ቶና የሚፈላው በዚያው በአቦሉ አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ስለሆነ የቡናው ወጪ አይጨምርም። መጓጓዣውም ያው አንድ ነው። በሌላ በኩል እንግዳ ፊት የተቆላ ቡና ሽታና የእጣኑ ጭስ ደንበኛዋ ከሁሉ በላይ የምትፈልገው ነገር ነው። መካከለኛውን ስንሠራ ደንቡ ይኸው ነው፦ እኛን ብዙ የማያስወጣ፣ ደንበኛዋ ግን በጣም የምትፈልገው ነገር መካከለኛው ውስጥ ይግባ።

ጉልበታችሁን በስሌቱ ውስጥ ጻፉት። አቦል ላይ የጉልበቱን 1,000 ብር ካልጻፍን ትርፋችን 2,200 ይመስለናል፤ ደንበኛ “ሺህ ብር ቀንሱ” ስትለን ደስ ብሎን እንቀንሳለን። ያን ቀን የሠራነው ግን በነጻ ነው። ደንበኛዋ ዋጋው ከከበዳት ዝቅ ያለው ፓኬጅ አለላት፤ “በ6,200ው ካልሆነልዎ አቦልን በ3,600 እንሠራልዎታለን” እንበላት። ዋጋው ሲቀንስ ሥራውም አብሮ ይቀንሳል።

ደረጃ የማይወጣላቸው ነገሮችም አሉ። ጾም አንዱ ነው። “የጾም ፓኬጅ” እና “የፍስክ ፓኬጅ” ብለን በተለያየ ዋጋ ብናቀርብ ደንበኛዋ ቀኑን እንጂ ዋጋን አትመርጥም። በሦስቱም ፓኬጆች “እንደ ቀኑ የጾም ወይም የፍስክ” ብሎ መጻፍ ይበቃል። ንጽሕናም እንዲሁ ነው። የታጠበ ስኒና ንጹሕ ውሃ ለአቦልም ለበረካም እኩል ነው። አቦልን ሆን ብለን አጎሳቁለን ሰውን ወደ ቶና ብንገፋ ማታለል ይሆናል፤ አቦል የመረጠችው ደንበኛም ስማችንን በሰፈሩ ታወጣዋለች። ሦስቱም ብንመረጥ የማናፍርባቸው መሆን አለባቸው። በረካን ለማሳያ ብቻ ሰቅለን አንድ ቀን ሲታዘዝ ሦስተኛ ሴት ካጣን፣ ያኔም ውሸታም እንባላለን።

መሳካቱን በምን እናውቃለን? ሃያ ትእዛዝ እስኪሞላ የተመረጠውን ደብተር ላይ ጻፉ። ግማሹ አካባቢ ቶና ከሆነ ደህና ነው። አብዛኛው አቦል ከሆነ፣ ወይ የ52 ብሩ እርምጃ በዝቷል ወይ በቶና የጨመርነው ነገር አልተፈለገም። ይህን ለመለየት አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ዳቦውን ከሁለት ወደ አንድ አውርዳችሁ ዋጋውን 5,750 አድርጉና ቀጣዮቹን ሃያ ተመልከቱ። አብዛኛው በረካ ከሆነ በረካ ረክሷል ማለት ነው፤ ሦስት ሴቶች አምስት ሰዓት የሚውሉበት ሥራ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይበል። ደንበኞች ደጋግመው “ልዩነቱ ምንድን ነው?” ካሉ ደግሞ ጉዳቱ ያለው ዋጋው ላይ ሳይሆን አጻጻፋችን ላይ ነው።

ይህ ዘዴ የማይሠራበት ቦታም አለ። መሥሪያ ቤት በጀቱን ቆርጦ “በ5,000 ብር ምን ትሠራላችሁ?” ሲል ሦስት ማቅረብ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ለዚያ ገንዘብ የሚሆነውን አንዱን ንገሩት። ዘወትር የምታዘን ደንበኛም የምትፈልገውን ስለምታውቅ መካከለኛ መሆኑ አይስባትም። አንዳንድ አዳራሽ ከሰል አያስገባም፤ ስለዚህ “እዚያው እንቆላለን” ከማለታችን በፊት ቦታውን እንጠይቅ። ከሦስት ወደ አምስትና ስድስት ፓኬጅ ከሄድን ደግሞ መካከለኛው የቱ እንደሆነ ስለማይታወቅ የጀመርነው ሁሉ ይፈርሳል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ሥራ በሦስት መስመር ጽፎ ይምጣ። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ወጪውን፣ ከወጪው ውስጥ ደግሞ የጉልበቱን ለብቻ ይጻፍ። አንብበን አብረን እናርመዋለን።