የእንግሊዝኛ የሥራ ደብዳቤ፤ ስለ «ኤ» እና ስለ «ዘ»፥ እንዲሁም ስለ በዛ ትሕትና

ዛሬ የምናነሣው በየቢሮው ለውጭ አገር ድርጅት በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ደብዳቤ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለውሃ ፓምፕ ሻጭ እንዲህ ሲል ጽፎ ነበር፦ «ዊ ሪሲቭድ ፓምፕ። ቫልቭ ኢዝ ብሮክን። ዊ ሞስት ሃምብሊ ቤግ ዩር ኤስቲምድ ኦፊስ ቱ ካይንድሊ ዱ ዘ ኒድፉል።»

ሻጩ ይህን ሲያነብ የትኛው ፓምፕ እንደ ሆነ፥ ቫልቩ ስንት እንደ ሆነ፥ ምን እንዲላክለትም እንደ ተፈለገ አያውቅም። መልሶ ይጠይቃል፤ ፓምፑም በዚያው መጠን ሳይሠራ ይቆያል።

የመጀመሪያው ስሕተት ከቋንቋችን ጠባይ የመጣ ነው። አማርኛ የታወቀውን ነገር የሚለየው በስሙ መጨረሻ ስለ ሆነ፥ ከስሙ በፊት የሚቆመው ትንሽ ቃል ይዘነጋናል። መለያውን ግን ራሱ አማርኛ ይሰጠናል፤ «ፓምፕ ላኩልን» ስንል «ኤ ፓምፕ» ነው፤ «ፓምፑን ላኩልን» ስንል ደግሞ «ዘ ፓምፕ» ይሆናል። ነገሩ መጀመሪያ ሲነሣ በ«ኤ»፥ ሁለተኛ ሲጠራ በ«ዘ» ይጻፋል። ይሁን እንጂ ይህ መለያ ሁልጊዜ አያዋጣም። «ዋጋው» የምንለው «ዘ ፕራይስ» ወይም «ኢትስ ፕራይስ» ሊሆን ይችላልና። «ፀሐይ» ያለ ቅጥያ ስትነገር እንግሊዝኛው «ዘ ሳን» ይላል። «ኢንፎርሜሽን» እና «ኢክዊፕመንት» ደግሞ የማይቆጠሩ ስለ ሆኑ፥ «ኤን ኢንፎርሜሽን» ወይም «ኢክዊፕመንትስ» አይባልም፤ ይህን የሚስቱ ብዙ የተማሩ ሰዎች አሉ።

ሁለተኛው ስሕተት «በታላቅ ትሕትና» የሚለውን የማመልከቻ ወግ ቃል በቃል ማሻገር ነው። በአማርኛ ይህ ጨዋነት ነው፤ በእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ ግን «ሃምብሊ ቤግ» የሚል ሰው የሚለምን እንጂ የገዛውን ዕቃ የሚጠይቅ አይመስልም። «ዱ ዘ ኒድፉል» የሚለው በሕንድ አገር ጽሕፈት የተለመደ ቢሆንም፥ የሚፈለገውን ሥራ ስሙን አይጠራም። ለተለመደ ጥያቄ አንድ «ፕሊዝ» ይበቃል፤ ውለታ ሲሆን «ኩድ ዩ ፕሊዝ» ይሻላል። በሌላው ጫፍ «ዩ ማስት» ትእዛዝ ነውና በውል ከተጻፈ ግዴታ በቀር አይጻፍ።

እንግዲህ ደብዳቤው ሲታረም፦ «ዊ ሪሲቭድ ኤ ፓምፕ ፍሮም ዩ ኦን 3 ሜይ። ዘ ፓምፕ ሃዝ ኤ ብሮክን ቫልቭ። ፕሊዝ ሴንድ አስ ኤ ኒው ቫልቭ ባይ 15 ጁን።» ከዚህ በታች የፓምፑ ቁጥር ይጻፋል። በእንግሊዞች ልማድ «ዲር ሰር» ብሎ የጀመረ በ«ዩርስ ፌይዝፉሊ»፥ ስም ጠርቶ የጀመረ በ«ዩርስ ሲንሲርሊ» ይፈርማል።