ለሞቃት ቤት የትኛው ወለል ይሻላል?

እህቶቼ፣ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ፣ ወለሉን ከመምረጣችሁ በፊት እኔ ላይ የደረሰውን ስሙኝ።

ሳልሚያ የሠራሁበት ቤት ሳሎኑ ሴራሚክ፣ መኝታ ቤቱ ላሚኔት ነበር። በሐምሌ ሙቀት በባዶ እግር ስትረግጡት ሴራሚኩ ይቀዘቅዛል፤ የእግርን ሙቀት ቶሎ ይስባልና። ፀሐይ በቀጥታ ከመታው ግን እሱም ይግላል።

አንድ ቀን አቧራ ነፍሶ ሳሎኑን በውሃ አጠብኩ፤ መኝታ ቤቱንም እንደዚያው። ከቀናት በኋላ የላሚኔቱ መጋጠሚያ አበጠ፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ጠርዙ ይቆረቁረኛል። ማዳም ከደሞዝሽ እቆርጣለሁ አለች። ለካ ላሚኔት ላዩ እንጨት ይምሰል እንጂ ውስጡ የታመቀ የእንጨት ብናኝ ነው። ውሃ ከገባበት ያብጣል፤ ቢደርቅም አይመለስም። መጀመሪያ አሸዋውን በደረቁ መጥረግ፣ ከዚያ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ማበስ ነው እንጂ ውሃ አይፈስበትም።

እውነተኛ እንጨትም ውሃ ይጠላል፤ ግን ሲጫጫር ተፍቆ እንደገና ቫርኒሽ ይቀባል። ሲሚንቶ ላይ የሚቀባ ቀለም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አሸዋ ይፍቀዋል፣ ከሥር እርጥበት ካለም ይላጣል። ከመቀባታችሁ በፊት ፌስታል ዘርግታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉና አሳድሩት። ጠዋት ከሥሩ ካላበው አትቀቡ።

እኔ ለቤቴ ሴራሚክ መርጫለሁ። ለመታጠቢያ ቤት ሻካራውን ግዙ፤ የሚያብረቀርቀው ሲረጥብ ይጥላል። አንድ ካርቶንም ትርፍ አስቀምጡ፤ ሲሰበር ያው ቀለም ላይገኝ ይችላል።