ከፈቃዱ ዋጋ በስተጀርባ፦ የኢአርፒ ወጪ የሚሸሸግባቸው መዝገቦች

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የሚጀምረው ከአንድ የውል ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ በውሉ አባሪ፣ ማንም በማያነበው ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር፦ «የነባር መረጃ ዝግጅትና ማጥራት የደንበኛው ኃላፊነት ይሆናል።» እኔ አንብቤዋለሁ። አንብቤውም አልፌዋለሁ። ዋጋ ስላልተጻፈበት ወጪ መሆኑ አልታየኝም።

ወቅቱ 2013 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ነበር። አንድ መካከለኛ ፋብሪካ ሒሳቡን፣ ግዥውን፣ መጋዘኑንና ምርቱን በአንድ ቋት የሚያስተዳድር ሥርዓት፣ ማለትም ኢአርፒ፣ ሊገዛ ሲወስን በፋይናንስ በኩል የኮሚቴው አባል ነበርሁ። የተጫራቾችን ዋጋ የሚያነጻጽረውን ሠንጠረዥ ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ። ሠንጠረዡ ሁለት ዓምድ ነበረው፤ የፈቃድ ዋጋና የትግበራ አገልግሎት ዋጋ። ያሸነፈው ድርጅት ለ80 ተጠቃሚዎች 160,000 ዶላር ጠየቀ። ዶላሩ በዚያን ጊዜ 40 ብር አካባቢ ስለነበር 6.4 ሚሊዮን ብር መሆኑ ነው። ለትግበራው አማካሪዎች ደግሞ 9 ሚሊዮን ብር ተመደበ። ቦርዱም 15.4 ሚሊዮን ብር ብሎ አጸደቀ። ያ ቁጥር በቃለ ጉባኤው ላይ ዛሬም አለ።

አሁን ወደዚያ ዓረፍተ ነገር ልመለስ። የፋብሪካው የዕቃ መዝገብ 14,200 መሥመር ነበረው። ወደ አዲሱ ሥርዓት ከመሸጋገሩ በፊት እያንዳንዱ መሥመር በሰው ዓይን መታየት ነበረበት፤ አንዱ ዕቃ በሦስትና በአራት ስም ተመዝግቦ ነበርና። ኩሽኔታን እንውሰድ። በማሽን ጥገና ክፍሎች እጅግ የተለመደ 6205 የሚባል ኩሽኔታ አለ፤ የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ነው። በእኛ መዝገብ አንድ ቦታ «ኩሽኔታ 6205»፣ ሌላ ቦታ «ቤሪንግ 6205»፣ ሌላ ቦታ «6205-2RS»፣ እንደገና «6205-ZZ» ተብሎ ተጽፏል። ወጣቱ አማካሪ አራቱንም ወደ አንድ ኮድ ሊያዋህዳቸው ተነሣ። በመጋዘኑ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጋሼ፣ «ልጄ ተው!» አሉት። የመጀመሪያው ሁለት ስም ምን እንደሆነ መደርደሪያው ላይ ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። 2RS የሚለው በሁለቱም ጎን የጎማ መዝጊያ ያለው ነው፤ ZZ የሚለው ደግሞ የብረት ጋሻ ያለው ነው። ውኃና አቧራ በበዛበት ቦታ አንዱን በሌላው መተካት ማሽኑን ለብልሽት መዳረግ ነው።

ይህን ሥራ በውጭ ሰው ማሠራት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ዕውቀቱ ያለው በሠራተኞቹ ራስ ውስጥ ነው። አንድ መሥመር ለማየት በአማካይ 6 ደቂቃ ቢወስድ፣ 14,200 መሥመር 1,420 ሰዓት ይሆናል። አራት ሰዎች በቀን ሰባት ሰዓት ቢሠሩበት ከ50 የሥራ ቀናት በላይ ይፈጃል። ደግሞም አራቱ ሰዎች የዕለት ሥራቸው አልቀረላቸውም፤ ጠዋት ዕቃ ያስረክባሉ፣ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ያጠራሉ።

«ደመወዛቸው እንደሆነ ዱሮም ይከፈላል፤ ታዲያ ወጪው የት አለ?» የሚል ጥያቄ በኮሚቴው ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ብልህ ይመስላል። ወጪው የነበረው ግን በመጋዘን ሠራተኞቹ ደመወዝ ላይ አልነበረም፤ በሚጠብቋቸው ሰዎች ላይ ነበር። መረጃው እስኪጠራ ድረስ ሦስት አማካሪዎች ለ35 የሥራ ቀናት ሙከራውን መቀጠል አልቻሉም። ውሉ ደግሞ በደንበኛው ምክንያት ለሚባክን ቀን ለእያንዳንዱ አማካሪ 12,000 ብር ይከፈላል ይላል። ሦስት ጊዜ 35 ጊዜ 12,000፤ 1,260,000 ብር። ይህ ገንዘብ በእኔ ሠንጠረዥ ላይ ዓምድ አልነበረውም። በኋላም የተመዘገበው በ«ልዩ ልዩ የሙያ አገልግሎት» ሥር ስለሆነ ከኢአርፒው ጋር የሚያገናኘው ሰው የለም። ድብቅ ወጪ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ማንም ሆን ብሎ የሸሸገው አይደለም፤ ማንም የማይደምረው በሌላ መዝገብ ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሥርዓቱን በራስ ልክ ማስቀደድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ እንድትሉልኝ እሻለሁ። ከሥርዓቱ ጋር በመጣው ማስተካከያ ገጽ ላይ ምርጫ መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ አዲስ ፕሮግራም አስጽፎ ሥርዓቱን መቀየር ሌላ ነው። የመጀመሪያው አዲስ ስሪት ሲመጣ አብሮ ይሻገራል፤ ሁለተኛው ግን በየስሪቱ እንደገና መፈተሽ፣ አንዳንዴም እንደገና መጻፍ አለበት። ለምሳሌ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን የበጀት ዓመታችንን ታላላቆቹ ሥርዓቶች ያለ ፕሮግራም ይቀበሉታል፤ የየወሩን መጨረሻ ቀን አስገብቶ መወሰን ይቻላልና። እኛ ግን በዚህ አልረካንም። በ31 የሰነድ ዓይነቶች ላይ የኢትዮጵያ ቀን ታትሞ እንዲወጣ አዘዝን። አንድ ትጉህ ወጣት ጻፈው፤ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሥራ ሲጀምር ቀኑ ትክክል ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሙሉውንም ትክክል ነበር።

ስሕተቱ ዐርፎ የተኛው ለጳጉሜን 6 ነበር። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ የ2016 መስከረም 1 የዋለው እንደ ሌላው ጊዜ በፈረንጆቹ መስከረም 11 ሳይሆን በ12 ነው። ፕሮግራሙ ይህን አያውቅም። ከጳጉሜን 6 ጀምሮ ሰነዶቻችን አንድ ቀን ቀድመው ይታተሙ ጀመር፤ መስከረም 1 ላይ «መስከረም 2» ይላሉ። ለዕለት ሥራ አንድ ቀን ምንም ላይመስል ይችላል። የመስከረም 30 ሽያጭ ግን «ጥቅምት 1» ተብሎ ወደ ሚቀጥለው ወር ተሻገረ፤ የወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያና የሽያጭ መዝገቡ አልታረቁም። የሒሳብ ባለሙያዎቻችን ልዩነቱን ለሁለት ወራት በደረሰኝ ሲፈልጉ ከረሙ። ባይደረስበት ኖሮ ስሕተቱ እስከ የካቲት 21 ይቆይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት ወደ ተለመደው ስለሚመለስ ራሱ ይጠፋና ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ይመጣል። ወጣቱ በዚያን ጊዜ ለቅቆ ነበር። በቀን አበል መጥቶ አስተካከለልን። (ሥራውን የለቀቀው ከእኛው ፕሮጀክት በተማረው ሙያ ሌላ ቦታ እጥፍ ደመወዝ ስላገኘ ነው፤ እርሱን ማን ይወቅሳል? ከዋና ተጠቃሚዎቻችንም ሁለቱ በዚያው መንገድ ሄደዋል።)

በ2017 ዓ.ም. አዲስ ስሪት ሲመጣ 31ዱም ሰነዶች እንደገና ተፈተሹ፤ ለእያንዳንዱ የአንድ ፕሮግራመር ሁለት ቀን፣ በድምሩ 744,000 ብር። ሰነዱን ከማዘዛችን በፊት «ይህ በየስሪቱ ስንት ያስከፍላል?» ብለን ብንጠይቅ ኖሮ ምናልባት ስድስቱ ይበቁን ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በይፋ የታወቀውን የበርሚንግሃምን ጉዳይ ላንሣ። የእንግሊዟ ከተማ ምክር ቤት የቆየውን ኤስኤፒ በኦራክል ሊተካ ሲነሣ የመጀመሪያው በጀት ወደ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ሥራ ጀመረ። በልዩ ማስተካከያ ከተሠሩት ክፍሎች አንዱ ወደ ባንክ የገባውን ገንዘብ ከሚገባው ሒሳብ ጋር የሚያገናኘው ነበር፤ እርሱም አልሠራ አለ። ሠራተኞች የባንክ ገቢዎችን በእጅ ማዛመድ ያዙ፤ የሒሳብ መዝጊያው ተጓተተ። በ2023 የወጪው ግምት 100 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት መስከረም ወር የገንዘብ ቀውሱን በይፋ ያወጀው በዋናነት በእኩል ክፍያ ዕዳ ምክንያት ነውና ሁሉን በሥርዓቱ ላይ መጣል ፍትሕ አይሆንም። የተመረጠው መፍትሔ ግን አስተማሪ ነው፤ ማስተካከያዎቹን ትቶ ሥርዓቱን እንደተሠራ ከመነሻው መትከል።

የመጨረሻው ነጥቤ የዓመት ጥገና ክፍያ ነው። ይህ ድብቅ አይባልም፤ በውሉ ላይ በግልጽ አለ። በትልልቆቹ አቅራቢዎች ዘንድ የፈቃዱ ዋጋ 22 በመቶ የተለመደ ነው። ከ160,000 ዶላር ላይ 35,200 ዶላር በየዓመቱ። የተሸሸገው ምንዛሬው ነው። በ2014 አጋማሽ ዶላሩ 50 ብር አካባቢ ስለነበር 1.76 ሚሊዮን ከፈልን። በ2015 እና በ2016 በያመቱ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ከፈልን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ2017 አጋማሽ ዶላሩ 125 ብር አካባቢ ሲደርስ ያው 35,200 ዶላር 4.4 ሚሊዮን ብር ሆነ። የአንድ ዓመት ጥገና በመጀመሪያ ፈቃዱን ከገዛንበት ብር ከሁለት ሦስተኛ በላይ ማለት ነው። የአራቱ ዓመት ክፍያ ወደ 10 ሚሊዮን ይጠጋል። አንከፍልም ማለትም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን የደኅንነት ማስተካከያና አዲስ ስሪት ይቀራል፤ ተመልሶ ለመግባት ብዙ አቅራቢዎች ያለፈውን ውዝፍ ጭምር ይጠይቃሉ።

ሰርቨሩን፣ ሥልጠናውንና የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ሳልቆጥር፣ ዛሬ የጠቀስኋቸውን ብቻ ስደምራቸው 27.4 ሚሊዮን ብር ይመጣል። የፈቃዱ 6.4 ሚሊዮን ከአራት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም።

ከዚያ ወዲህ በሌላ መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ጨረታ እንድመለከት ተጠይቄ ነበር። በዚህ ጊዜ ሠንጠረዡ ሁለት ዓምድ አልነበረውም፤ ሰባት ዓመት በወርድ ተዘረጋ። ጥገናው በሦስት የምንዛሬ ግምት ተሰላ። ተጫራቾች ልዩ ማስተካከያውን ከነየስሪቱ የፍተሻ ቀን እንዲጽፉ ተጠየቁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ወደ መጋዘኑ ወርጄ የዕቃውን መዝገብ 200 መሥመር በዕጣ አወጣሁና ከመጋዘን ኃላፊዋ ጋር አንድ በአንድ አየናቸው። ከ200ው 61ዱ ድግግሞሽ ወይም ስማቸው ከዕቃው ጋር የማይገናኝ ሆኖ ተገኘ። ጨረታው ለአራት ወር እንዲዘገይ ሐሳብ አቀረብሁ፤ በእነዚያ ወራት ሴትዮዋና ሁለት ረዳቶቿ መዝገቡን አጠሩ። በዚያን ጊዜ በቀን 12,000 ብር እየተከፈለው የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም።