የአንድ ደስታ ወረቀት ክብደት



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ርክክብ ኮሚቴ አባል ሳለሁ 400 ደስታ ኤ-ፎር ወረቀት ቀረበልን። ውሉ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝን ወረቀት ይላል፤ በእሽጉም ላይ 80 ተብሎ ታትሟል። ግምጃ ቤቱ ሞዴል 19 ሊቆርጥ ፊርማችንን ብቻ ይጠብቅ ነበር። እኔ ግን አንዱን ደስታ ሳነሣው ቀለለኝ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ኤ-ዜሮ የተባለው ትልቅ ሉክ ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር ነው። እርሱ አራት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ሲከፈል 16 ኤ-ፎር ይወጣዋል። ስለዚህ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሆነ ወረቀት አንዱ ሉክ 5 ግራም፣ 500ው ሉክ ደግሞ 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በሚሊ ሜትር ለክተን 210 በ297 ብለን ብናሰላው 2,495 ግራም ይሆናል። መጠቅለያውን ገፍፈን ስንመዝነው ግን ሚዛኑ 2,340 ግራም አሳየ።

የጎደለው 155 ግራም ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ወይ ወረቀቱ ስስ ነው፣ ወይ ሉኩ ጎድሏል። የደስታው ክብደት ብቻውን ሁለቱን አይለይም፤ ትክክለኛ ባለ 80 ግራም ወረቀት ሆኖ 469 ሉክ ብቻ ቢኖረውም ያው 2,340 ግራም ይመዝናልና። ስለዚህ መቶ ሉክ ቆጥረን ለብቻው መዘንን። 499 ግራም መሆን ሲገባው 468 ሆነ። ርዝመቱንና ወርዱን በማስመሪያ ለካን፤ ልክ ነው። እንግዲህ ቁጥሩ ሙሉ፣ ወረቀቱ ግን ባለ 75 ግራም ነበር።

አቅራቢው የተከራከረን በአየሩ ነው፤ «ጥር ነው፣ ወረቀቱ ደርቆ ነው» አለን። ክርክሩ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። ወረቀት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይሰጣል፤ ቤተ ሙከራዎች በ23 ዲግሪ ሴልሺየስና በ50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት አቆይተው የሚመዝኑትም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ወረቀት በተራ የቢሮ አየር የሚይዘው ውኃ ከክብደቱ 5 በመቶ ገደማ ነው። የእኛ ጉድለት ከ6 በመቶ በላይ ነበርና፣ ወረቀቱ በምድጃ ውስጥ ፈጽሞ ቢደርቅ እንኳ እዚያ ለመድረሱ እጠራጠራለሁ። በክረምት ቢሆን ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ እርጥበት የጠጣ ስስ ወረቀት ጉድለቱን በከፊል ይሸፍናል።

በ400ው ደስታ ሲሰላ 62 ኪሎ ግራም ያህል ጎድሏል፤ ይህም የ25 ደስታ ባለ 80 ግራም ወረቀት ክብደት ነው። አንድ ደስታ ለሁሉ ዳኛ አይሆንምና ከተለያዩ ካርቶኖች ሌሎች አምስት አውጥተን መዘንን። ከ2,350 ግራም ያለፈ አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ላይ ሚዛኑን እንጂ የእሽጉን ጽሑፍ አላሰፈርንም፤ ሞዴል 19ም ሳይቆረጥ ጭነቱ በመጣበት መኪና ተመለሰ።